ትሪው 31፣ መንገዱ 23፦ ሁለቱ «ትንሹ» ለምን አይገጥሙም?

«ሰላም ጋሼ። ሰባት ከተሞችና አሥር መንገዶች ያሉት ጥያቄ ተሰጥቶን ነበር። ርቀቶቹ በኪሎ ሜትር፦ ሀ–መ 4፣ ሀ–ረ 5፣ መ–ረ 3፣ መ–ሸ 9፣ ረ–ቀ 11፣ ሸ–ቀ 2፣ ሸ–ነ 10፣ ቀ–ነ 6፣ ቀ–ደ 8፣ ነ–ደ 7። በክሩስካል ሠርቼ ሚኒመም ስፓኒንግ ትሪውን አወጣሁ፤ ድምሩ 31 መጣ፤ ትክክል ተባለ። ቀጥሎ ከሀ እስከ ደ አጭሩን መንገድ ሲጠይቁኝ ትሪውን ተከትዬ 28 አልኩ። መልሱ 23 ነው ተባልኩ። ትሪው ትንሹ ከሆነ እላዩ ላይ ያለው መንገድ እንዴት ትንሹ አይሆንም? የፕሪምና የዳይክስትራ ሰንጠረዥስ? ለእኔ አንድ ነው የሚመስለኝ።»

ግራ የገባት ተማሪ

ትሪሽ ትክክል ነው። 28ትም ቢሆን የድምር ስህተት የለበትም፤ ትሪው ላይ ከሀ እስከ ደ ያለው ርቀት በእርግጥ 28 ነው። የተሳሳተው በመሃል የገባው ግምት ነው። የትሪው ድምር ትንሹ ስለሆነ፣ በላዩ የሚደረገው እያንዳንዱ ጉዞም ትንሹ ይሆናል ብለሽ ገመትሽ። ይሄ ግምት በጣም የተለመደ ነው፤ ለማጥራትም ያንቺው ሰባት ከተማ ይበቃል።

መጀመሪያ ሁለቱ ጥያቄዎች ምኑን እንደሚቆጥሩ እንለይ። የስፓኒንግ ትሪው ጥያቄ እንዲህ ነው፦ ሰባቱም ከተሞች እንዲገናኙ የትኞቹን መንገዶች ብንይዝ ጠቅላላ ርዝመቱ ያንሳል? እዚህ ላይ የተያዘ መንገድ ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ ይቆጠራል። መነሻ የለም፣ መድረሻ የለም፣ ተጓዥም የለም። አስፋልቱን የሚያነጥፈው ሰው ሒሳብ ነው። የአጭሩ መንገድ ጥያቄ ግን መነሻ አለው። ከሀ የተነሳ አንድ ሰው ደ ለመድረስ ስንት ኪሎ ሜትር ይነዳል? ሌላው መንገድ ተሠራ፣ አልተሠራ፣ ስንት ወጣበት፣ ይሄ ሰው ግድ የለውም። የሚቆጥረው ራሱ የረገጠውን ብቻ ነው።

አሁን የክሩስካልን ሥራ አብረን እንድገመው። አንቺ በትክክል ሠርተሽዋል፤ የምደግመው 23ቱ የት እንደጠፋ ለማየት ነው። መንገዶቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደረደርሽ። ሲጀመር እያንዳንዱ ከተማ ለብቻው አንድ ቡድን ነው። አንድ መንገድ ሁለት የተለያዩ ቡድኖችን ካገናኘ ይያዛል። ሁለቱም ጫፎቹ አንድ ቡድን ውስጥ ካሉ ዙር ስለሚፈጥር ይጣላል።

2 ኪሎ ሜትሩ ሸ–ቀ ተያዘ። 3 ኪሎ ሜትሩ መ–ረ ተያዘ። 4 ኪሎ ሜትሩ ሀ–መም ተያዘ። እዚህ ስንደርስ ሀ፣ መ እና ረ አንድ ቡድን ሆነዋል፤ ሸ እና ቀ ሌላ ቡድን ናቸው፤ ነ እና ደ ገና ብቻቸውን ናቸው። ቀጣዩ 5 ኪሎ ሜትሩ ሀ–ረ ነው። ሁለቱም ጫፎቹ አንድ ቡድን ውስጥ ስለሆኑ ተጣለ። እዚህ ጋ ቆም በዪ። ሀ–ረ ከመጣሉ በፊት ከሀ ወደ ረ በቀጥታ 5 ኪሎ ሜትር ነበር። ከተጣለ በኋላ በመ በኩል ዞሮ 4+3=7 ሆነ። ክሩስካል ይሄን ጭማሪ አያይም፣ እንዲያይም አልተጠየቀም። እሱ የሚጠይቀው «ሀ እና ረ ተገናኝተዋል ወይ?» ብቻ ነው። ተገናኝተዋል፤ ስለዚህ ሌላ 5 ኪሎ ሜትር ማንጠፍ ብክነት ነው።

ከዚያ 6 ኪሎ ሜትሩ ቀ–ነ ተያዘ፤ 7 ኪሎ ሜትሩ ነ–ደ ተያዘ። ቀጥሎ 8 ኪሎ ሜትሩ ቀ–ደ መጣ። ቀ እና ደ በነ በኩል ተገናኝተዋልና ተጣለ። ያንቺ 23 የጠፋው እዚህ ጋ ነው። ከቀ ወደ ደ በቀጥታ 8 የነበረው በነ በኩል 6+7=13 ሆነ። 5 ኪሎ ሜትር ጨመረ። 28 ሲቀነስ 23 ስንት ነው? 5። መልስሽ ላይ የታየው ልዩነት በሙሉ ይቺ አንድ መንገድ ናት።

በመጨረሻም 9 ኪሎ ሜትሩ መ–ሸ ሁለቱን ትልልቅ ቡድኖች አገናኘ። ሰባት ከተማ በስድስት መንገድ ተያያዘ፤ እዚህ ላይ እናቆማለን። 10ሩንና 11ዱን ማየትም አያስፈልግም። 2+3+4+6+7+9=31።

ይሄ 9 ለምን መያዝ እንዳለበት ልብ ብለሽ እዪ፤ የክሩስካል ትክክለኛነት በሙሉ እዚህ ውስጥ አለና። ሀ፣ መ እና ረ በአንድ በኩል፣ ሸ፣ ቀ፣ ነ እና ደ በሌላ በኩል ናቸው እንበል። ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው የሚያሻግሩት መንገዶች ሁለት ብቻ ናቸው፦ መ–ሸ 9 እና ረ–ቀ 11። ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ ካልተያዘ አገሩ ለሁለት ይከፈላል። አንድ ሰው 11ዱን ይዞ 9ኙን የተወ ትሪ ቢያመጣልሽ፣ 11ዱን አውጥተሽ 9ኙን አስገቢበት። ግንኙነቱ እንዳለ ይቆያል፤ ድምሩ በ2 ይቀንሳል። ስለዚህ የሰውዬው ትሪ ትንሹ አልነበረም ማለት ነው። በየደረጃው የሚደረገው ክርክር ይሄው ነው።

አሁን ወደ ዳይክስትራ እንሂድ። መነሻችን ሀ ነው። እያንዳንዱ ከተማ አጠገብ አንድ ቁጥር እንጽፋለን፤ ትርጉሙም «እስካሁን በተገኘው መንገድ ከሀ እዚህ ለመድረስ ይሄን ያህል ይፈጃል» ነው። ከቁጥሩ ጎን ደግሞ ከየትኛው ከተማ እንደመጣን እንጽፋለን። ይሄን ሁለተኛውን ብዙ ተማሪ ይተወዋል፤ መጨረሻ ላይ 23 ይዞ መንገዱ በየት በየት እንደሆነ መናገር ያቅተዋል። አንቺ አትተዪው።

በየዙሩ የሚደረገው ሁለት ነገር ነው። ገና ካልጸደቁት ከተሞች መካከል ትንሹን ቁጥር የያዘውን መርጠሽ ታጸድቂዋለሽ፤ ከዚያ በኋላ ቁጥሩ አይነካም። ቀጥሎ ከእሱ የሚወጡትን መንገዶች ታያለሽ። የጸደቀው ከተማ ቁጥር ሲደመር የመንገዱ ርዝመት፣ ጎረቤቱ ጋ ከተጻፈው ካነሰ አሮጌውን ሰርዘሽ አዲሱን ትጽፊያለሽ። ካላነሰ እንዳለ ይቀራል።

ሀ 0 ሆኖ ይጸድቃል። ከሀ ተነስተን መ 4፣ ረ 5 እንጽፋለን። ትንሹ መ ነው፤ በ4 ይጸድቃል። ከመ ወደ ረ 4+3=7 ይሆናል፤ ረ ጋ ግን 5 አለ፤ ስለዚህ አንነካውም። ከመ ወደ ሸ 4+9=13፤ ሸ ጋ 13 ከመ ብለን እንጽፋለን። ቀጣዩ ትንሽ ረ ነው፤ በ5 ይጸድቃል። ከረ ወደ ቀ 5+11=16፤ ቀ ጋ 16 ከረ ይጻፋል።

አሁን ያልጸደቁት ሸ በ13 እና ቀ በ16 ናቸው፤ ነ እና ደ ገና ባዶ ናቸው። ሸ በ13 ይጸድቃል። ከሸ ወደ ቀ 13+2=15 ነው። ቀ ጋ የተጻፈው 16 ነበር። 15 ስለሚያንስ 16ቱ ይሰረዛል፤ 15 ከሸ ይሆናል። ከሸ ወደ ነ 13+10=23 ይጻፋል። ቀጥሎ ቀ በ15 ይጸድቃል። ከቀ ወደ ነ 15+6=21፤ ከ23 ስለሚያንስ ነ 21 ከቀ ይሆናል። ከቀ ወደ ደ 15+8=23። ቀጣዩ ነ በ21 ይጸድቃል። ከነ ወደ ደ 21+7=28፤ ደ ጋ ያለው 23 ስለሆነ አንነካውም። በመጨረሻ ደ በ23 ይጸድቃል።

መጨረሻ ላይ ወረቀትሽ ላይ የሚቀረው ይሄ ነው፦

```
ሀ   0
መ   4   ከሀ
ረ   5   ከሀ
ሸ  13   ከመ
ቀ  15   ከሸ
ነ  21   ከቀ
ደ  23   ከቀ
```

ከደ ጀምረሽ ወደ ኋላ አንብቢ፦ ደ ከቀ፣ ቀ ከሸ፣ ሸ ከመ፣ መ ከሀ። መንገዱ ሀ–መ–ሸ–ቀ–ደ ነው። ነ–ደ በኩል የመጣው 28 ደግሞ ነ በጸደቀበት ዙር ሲታይና ሲወድቅ አይተሻል። ያ 28 ያንቺ መልስ ነው።

አንድ ከተማ በትንሹ ቁጥር ሲጸድቅ በኋላ የሚያንስ እንደማይመጣ በምን እናውቃለን? ሸ በ13 ሲጸድቅ ያለውን ሁኔታ ውሰጂ። ሸ በሌላ መንገድ ቢደረስበት፣ ያ መንገድ የግድ ሌላ ያልጸደቀ ከተማ ላይ ማለፍ አለበት። ያልጸደቁት ሁሉ ግን 13 ወይም ከዚያ በላይ ናቸው። ከእነሱ ላይ ደግሞ መንገድ ይጨመራል እንጂ አይቀነስም። ስለዚህ ከ13 በታች መምጣት አይችልም። ይሄ ክርክር የቆመው የመንገድ ርዝመት ከዜሮ አያንስም በሚለው ላይ ነው። ለኪሎ ሜትር ችግር የለውም። በሌላ ዓይነት ግራፍ ላይ ግን ክብደቱ ኔጋቲቭ ከሆነ ዳይክስትራ የተሳሳተ መልስ ሊሰጥ ይችላል። ክሩስካልን ግን ኔጋቲቭ ክብደት አያስቸግረውም፤ እሱ የሚያየው ቅደም ተከተሉን ብቻ ነው።

ወደ ፕሪምና ዳይክስትራ መመሳሰል ልምጣ። አንድ ነው የሚመስለኝ ያልሽው ከመሬት ተነስተሽ አይደለም። ዳይክስትራ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ሁለቱንም ችግሮች ጎን ለጎን አቅርቧቸዋል። አንደኛው ዛሬ በስሙ የምንጠራው ነው። ሌላው ፕሪም በ1957፣ ከሱም በፊት ያርኒክ በ1930 ያሳተሙት የትሪ ዘዴ ነው። የሰንጠረዦቹ ቅርጽ አንድ ነው፤ ትንሹን ምረጪ፣ አጽድቂ፣ ጎረቤቶቹን አድሺ። የሚለያዩት በምትጽፊው ቁጥር ነው። በዳይክስትራ የምትጽፊው ከመነሻው ጀምሮ የተጠራቀመውን ድምር ነው። በፕሪም የምትጽፊው ከተማውን ከተሠራው ትሪ ጋር የሚያያይዘውን የአንዱን መንገድ ርዝመት ብቻ ነው።

ልዩነቱ ያንቺ ወረቀት ላይ ገና በሁለተኛው ዙር ይታያል። ሁለቱም ከሀ ይነሱ። ሁለቱም መ 4፣ ረ 5 ይጽፋሉ። ሁለቱም መን ያጸድቃሉ። አሁን መ–ረን ያያሉ። ዳይክስትራ 4+3=7 ብሎ ከ5 ጋር ያነጻጽራል፤ 5 ይቀራል፤ ረ ከሀ ነው። ፕሪም ግን 3ን ብቻ ወስዶ ከ5 ጋር ያነጻጽራል፤ 3 ያንሳል፤ ረ ከመ ይሆናል። አንድ ሴል፣ ሁለት የተለያዩ መልሶች። ደ ጋም ይሄው ይደገማል። ዳይክስትራ 21+7=28ን ከ23 ጋር ያነጻጽርና ይጥለዋል። ፕሪም 7ን ከ8 ጋር ያነጻጽርና ይወስደዋል። የተቀሩት አራት ከተሞች በሁለቱም ከአንድ ቦታ ነው የሚመጡት።

በእጅ ስትሠሪ ሁለቱን እንዳትቀላቅይ የምመክርሽ ነገር አለ። ዳይክስትራ ላይ ቁጥር ስትጽፊ «13» ብቻ አትበዪ፤ «4+9=13» ብለሽ ጻፊ። የፈተና ወረቀት ሳርም በብዛት የማየው ስህተት ይሄ ነው፤ ተማሪው ሁለት ሦስት ዙር በትክክል ከደመረ በኋላ ሳያውቀው ወደ ነጠላ መንገድ ማነጻጸር ይገባል። ድምሩ ከተጻፈ ግን መርሳት ይከብዳል። ፕሪም ላይ ደግሞ የመደመር ምልክት ካየሽ የሆነ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

የዳይክስትራ «ከማን መጣ» የሚለው ዓምድ ራሱ ስድስት መንገዶች ይሰጥሻል፦ ሀ–መ፣ ሀ–ረ፣ መ–ሸ፣ ሸ–ቀ፣ ቀ–ነ እና ቀ–ደ። ይሄም ስፓኒንግ ትሪ ነው፤ ሰባቱንም ያገናኛል፣ ዙርም የለውም። ድምሩ ግን 4+5+9+2+6+8=34 ነው። ከሚኒመሙ በ3 ይበልጣል። ጭማሪው የመጣው ረ ጋ 3 በ5፣ ደ ጋ 7 በ8 ስለተተካ ነው። ለአስፋልት አንጣፊው 3 ኪሎ ሜትር ተጨማሪ ወጪ ነው። ከሀ ለሚነሳው ተጓዥ ግን ወደ ረ 2፣ ወደ ደ 5 ኪሎ ሜትር ይቆጥብለታል። ሌላም ነገር አስተውዪ፤ መነሻው ሀ ባይሆን ኖሮ የዳይክስትራ ትሪ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር። የክሩስካል ግን መነሻ ስለማያውቅ አይለወጥም።

እዚህ ምሳሌ ላይ የ28 እና የ23 ልዩነት ትንሽ ሊመስል ይችላል። ግን ልዩነቱ ጣሪያ የለውም። አሥር ከተሞች ክብ ሠርተው ቆመዋል እንበል። ዘጠኙ መንገዶች እያንዳንዳቸው 10 ኪሎ ሜትር፣ አንዱ 11 ነው። ሚኒመም ስፓኒንግ ትሪው 11ዱን ጥሎ ዘጠኙን ይይዛል። በ11 ኪሎ ሜትር ይገናኙ የነበሩት ሁለት ጎረቤት ከተሞች አሁን ክቡን ዞረው 90 ኪሎ ሜትር ይጓዛሉ። ትሪው ግን አሁንም ፍጹም ትክክል ነው። ከተሞቹን መቶ ብታደርጊያቸው 990 ይሆናል።

ሁለቱ ችግሮች በባሕርያቸው የተለያዩ መሆናቸውን የሚያሳይ አንድ ሙከራ አለ፤ እኔ በጣም የምወደው ነው። በእያንዳንዱ መንገድ ላይ 2 ጨምሪ። ሀ–መ 6 ይሁን፣ ሀ–ረ 7፣ መ–ረ 5፣ እያለ እስከ 13 ይሂድ። በየመንገዱ መግቢያ ላይ ተመሳሳይ መጠን ያለው መዘግየት አለ ብለሽ ልታስቢው ትችያለሽ። ትሪው ምን ይሆናል? ምንም። ቅደም ተከተሉ አልተለወጠም፤ ክሩስካል እነዚያኑ ስድስት መንገዶች ይይዛል። የትኛውም ስፓኒንግ ትሪ ስድስት መንገድ ስላለው ሁሉም እኩል 12 ይጨምራሉ። የእኛው 43 ይሆናል፤ አሁንም ትንሹ ነው።

አጭሩ መንገድ ግን ይለወጣል። የቀድሞው አሸናፊ ሀ–መ–ሸ–ቀ–ደ አራት መንገድ ስላለው 8 ይጨምራል፤ 31 ይሆናል። ሀ–ረ–ቀ–ደ ቀድሞ 5+11+8=24 ስለነበር በ1 ኪሎ ሜትር ተሸንፎ ነበር። እሱ ግን ሦስት መንገድ ብቻ ስላለው 6 ይጨምርና 30 ይሆናል። አሸናፊው ተቀየረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ስፓኒንግ ትሪዎች ሁሉ እኩል ብዛት ያለው መንገድ ይይዛሉ፤ ከሀ ወደ ደ የሚወስዱ መንገዶች ግን በቁርጥራጭ ብዛታቸው ይለያያሉ። ለዚህም ነው ኔጋቲቭ ክብደት ሲያጋጥም «ሁሉም ላይ እኩል ጨምረን ፖዘቲቭ እናድርገውና ዳይክስትራን እንሥራ» የሚለው ዘዴ የማይሠራው። ለትሪው ይሠራል፤ ለአጭሩ መንገድ መልሱን ያዛባዋል።

ታዲያ ትሪው ላይ ያለው መንገድ ለምንም አይጠቅምም ማለት ነው? አይደለም። አንድ ነገር ያረጋግጥልሻል፦ በመንገዱ ላይ ያለው ረጅሙ ቁራጭ በተቻለ መጠን አጭር ነው። ትሪው ላይ ከሀ ወደ ደ ስትሄጂ ቁራጮቹ 4፣ 9፣ 2፣ 6 እና 7 ናቸው፤ ረጅሙ 9 ነው። ማንኛውም ሌላ መንገድ ከሁለቱ መሻገሪያዎች በአንዱ፣ በ9 ወይም በ11፣ ማለፉ አይቀርም። ስለዚህ ከ9 የተሻለ የለም። ወደ ረም ተመልከቺ። ትሪው በ4 እና በ3 ይወስድሻል፤ ረጅሙ ቁራጭ 4 ነው። አጭሩ መንገድ ግን አንድ የ5 ቁራጭ ነው። በየከተማው ነዳጅ እየሞላ የሚሄድና ታንኩ በጣም ትንሽ የሆነ መኪና ካለሽ፣ የሚያስጨንቅሽ ጠቅላላው ርቀት ሳይሆን ሳይሞላ የሚሄድበት ረጅሙ ቁራጭ ነው። 4 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚያስኬድ ነዳጅ የሚይዝ መኪና በትሪው ረ ይደርሳል፤ በአጭሩ መንገድ ግን መሃል ላይ ይቆማል። ለዚያ ጥያቄ ትሪሽን ብትከተዪ ልክ ነበርሽ።

አሁን ደግሞ መልስሽን ራስሽ የምትፈትሺበትን መንገድ ልንገርሽ፤ ፈተና ላይ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነው። ለትሪው፣ ያልተያዙትን መንገዶች አንድ በአንድ ውሰጂ። እያንዳንዱ ትሪው ላይ ቢጨመር አንድ ዙር ይፈጥራል። የተጨመረው በዚያ ዙር ውስጥ ካሉት ሁሉ የማያንስ መሆን አለበት። ሀ–ረ 5 ከ4 እና ከ3 ጋር ዙር ይሠራል፤ ትልቁ እሱ ነው። ቀ–ደ 8 ከ6 እና ከ7 ጋር፤ ትልቁ እሱ ነው። ሸ–ነ 10 ከ2 እና ከ6 ጋር፤ ልክ ነው። ረ–ቀ 11 ከ3፣ ከ9 እና ከ2 ጋር፤ ልክ ነው። አራቱም አለፉ፤ ትሪው ተረጋገጠ። ከአራቱ አንዱ በዙሩ ውስጥ ካለ ሌላ መንገድ ያነሰ ቢሆን ኖሮ፣ ሁለቱን ቀያይረሽ ድምሩን መቀነስ ትችዪ ነበር።

ለአጭሩ መንገድ ፍተሻው ሌላ ነው። አሥሩንም መንገዶች ውሰጂና የሁለቱን ጫፎች ቁጥር ተቀናንሺ። ልዩነቱ ከመንገዱ ርዝመት መብለጥ የለበትም። መ–ረ፣ 5 ሲቀነስ 4 አንድ ነው፤ ከ3 አይበልጥም። ረ–ቀ፣ 15 ሲቀነስ 5 አሥር ነው፤ ከ11 አይበልጥም። ሸ–ነ፣ 21 ሲቀነስ 13 ስምንት ነው፤ ከ10 አይበልጥም። ነ–ደ፣ 23 ሲቀነስ 21 ሁለት ነው፤ ከ7 አይበልጥም። የቀሩት ስድስት መንገዶች ላይ ልዩነቱ ከርዝመቱ ጋር ልክ እኩል ይመጣል፤ እነሱም የዳይክስትራ ትሪው ስድስት መንገዶች ናቸው። ቀ ጋ መጀመሪያ የጻፍነውን 16 ሳንሰርዝ ብንቀር ኖሮ፣ ሸ–ቀ ላይ 16 ሲቀነስ 13 ሦስት ይሆንና ከ2 ይበልጥ ነበር። ፍተሻው ስህተቱ ያለበትን መንገድ ጭምር በጣት ይጠቁምሻል።

ያንቺን 28ም በዚሁ እንፈትነው። ደ ጋ 28፣ ቀ ጋ 15 ብለሽ ብትጽፊ፣ ቀ–ደ ላይ ልዩነቱ 13 ይሆናል፤ መንገዱ ግን 8 ነው። ረ ጋም የትሪውን 7 ብትጽፊ ሀ–ረ ላይ 7 ከ5 ይበልጣል። የተጣሱት መንገዶች ሁለት ናቸው፤ ክሩስካል ዙር ይሠራሉ ብሎ የጣላቸው እነዚያው ሁለቱ።

አንድ ገደብ ልጨምር። ይሄ ሁሉ የሠራነው መንገዶቹ በሁለቱም አቅጣጫ የሚያስኬዱ ናቸው ብለን ነው። አንዱ መንገድ ባለ አንድ አቅጣጫ ከሆነ ዳይክስትራ ብዙም አይቸገርም፤ ጎረቤት ሲያድስ በሚፈቀደው አቅጣጫ ብቻ መሄድ ነው። ለምሳሌ ሸ–ቀ ከቀ ወደ ሸ ብቻ የሚያስኬድ ቢሆን፣ ቀ ጋ የተጻፈው 16 አይሰረዝም፤ ደ በሀ–ረ–ቀ–ደ 24 ይሆናል። ነ ደግሞ ከቀ 22 ይሆናል፤ ከሸ የመጣው 23 ይሸነፋል። በመቀናነስ የሚደረገው ፍተሻም በዚያ መንገድ ላይ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሠራው። ክሩስካልና ፕሪም ግን አቅጣጫ ላለው ግራፍ አልተሠሩም፤ «ተገናኝተዋል» የሚለው ቃል ራሱ በአንድ አቅጣጫ እውነት ሆኖ በሌላው ሐሰት ሊሆን ይችላልና። ጥያቄው ላይ ቀስት ካየሽ ክሩስካልን አትጀምሪ።